ከሐዋሳ ሪፈራል ወደ እንግሊዝ፦ የኢሌክቲቭ ደብዳቤዬን አንቀጽ በአንቀጽ

ሲ-ቱን፣ ማለትም አምስተኛውን ዓመት፣ ጨርሼ ኢንተርን ከመግባቴ በፊት በነበረው ክፍተት፣ እንግሊዝ አገር ባለ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል የልብ ሕክምና ክፍል ውስጥ ለአራት ሳምንት ኢሌክቲቭ፣ ማለትም ተማሪ ቦታውን ራሱ መርጦ የሚወስደው ልምምድ፣ ወስጄ ተመልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሐዋሳ ሪፈራል የሚማሩ ታናናሾቼ ረቂቃቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ዋርድ ውስጥ ያገኙኛል፣ ካፌ ቁጭ ባልኩበት ይመጣሉ፣ ዱቲ ላይ እያለሁ በቴሌግራም ይልኩልኛል። ስለ ቪዛና ስለ ገንዘብ የሚጠይቁ ይመስለኝ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ግን አንዲት ገጽ ላይ ነው፤ «ወደ እኛ ለምን መምጣት ፈለግሽ?» የሚለውን የምትመልሰው ደብዳቤ ላይ። ስለዚህ የራሴን ደብዳቤ ምን እንደጻፍኩበትና ለምን እንደዚያ እንደጻፍኩ ልንገራችሁ። ዋናው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ የማስቀምጠው ሐሳቡን ነው። ገልብጣችሁ ብትልኩት አይጠቅማችሁም፣ ምክንያቱን ወደ ታች ስትደርሱ ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ ማን እንደሚያነበው እንወቅ። እኔ ባመለከትኩበት ቦታ ሁለት ሰዎች አንብበውታል። አንዷ የኢሌክቲቭ ቢሮው ሠራተኛ ናት። እሷ ሐኪም አይደለችም፤ የምትፈልገው ስንተኛ ዓመት እንደሆንኩ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደምመጣ፣ ዩኒቨርሲቲዬ መፍቀዱን፣ ወጪዬን ማን እንደሚሸፍን ነው። ሁለተኛው አንባቢ ተማሪውን ተቀብሎ ከጎኑ የሚያቆመው ኮንሰልታንት፣ ማለትም የክፍሉ ከፍተኛ ስፔሻሊስት ሐኪም፣ ነው። ኮንሰልታንቱ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው። በልቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ይህቺ ልጅ ሰኞ ጠዋት ብትመጣ የት አቆማታለሁ? ማክሰኞስ?» ደብዳቤው ይህን ካልመለሰለት፣ ምንም ያህል ባማረ እንግሊዝኛ ቢጻፍ ወደ ጎን ይቀመጣል። እኔ ደብዳቤዬን ስጽፍ ከፊቴ ያስቀመጥኩት ይህን ጥያቄ ነበር፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመነጨው ከእሱ ነው።

የመጀመሪያው አንቀጽ ደረቅ መሆን አለበት። የእኔ እንዲህ ይላል፦ «በኢትዮጵያ፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ነኝ። ትምህርታችን ስድስት ዓመት ሲሆን አምስተኛውን አጠናቅቄያለሁ። በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናትና በማህፀንና ጽንስ ክፍሎች የክሊኒክ ልምምዴን ጨርሻለሁ። በልብ ሕክምና ክፍላችሁ፣ በተለይም በቫልቭ ክሊኒካችሁ፣ ለአራት ሳምንት በታዛቢነት እንድቆይ እጠይቃለሁ።» ከዚያ ቀኖቹ ይከተላሉ። ስድስት ዓመት የሚለውን የጻፍኩት በምክንያት ነው። ብዙ የእንግሊዝ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አምስት ዓመት ያስተምራሉ፤ «አምስተኛ ዓመት» ብቻ ብትሉ ልትመረቁ ነው ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። እኛ ስድስተኛ ዓመታችንን ኢንተርን ሆነን ስለምንሠራ ደግሞ «ኢንተርን ልሆን ነው» ብላችሁ ብትጽፉ ዲግሪውን የያዛችሁ ሐኪም ትመስሏቸዋላችሁ። ከስንት ዓመት ስንተኛው ላይ እንዳላችሁ በቁጥር ጻፉትና አልፉ።

ከሚመጡልኝ ረቂቆች አብዛኞቹ ግን በዚህ አይጀምሩም። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሐኪም የመሆን ሕልም ነበረኝ» ይላሉ። ወይም አገራችን ድሃ መሆኗን፣ መድኃኒትና መሣሪያ እንደሌለ፣ ሕዝቡ እንደሚሰቃይ ይተርካሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ኮንሰልታንቱ ግን ከዚህ የሚያነሳው ነገር የለም፤ ሐኪም መሆን የፈለገ ተማሪ በየዓመቱ ያያል፣ እጥረቱንም በአራት ሳምንት ኢሌክቲቭ አይፈታውም። እንዲያውም እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ እንዲህ የጀመረ ደብዳቤ የጻፈው ልጅ ምን እንደሚያውቅ ሳይናገር ያልቃል። ታማሚውን አይቶ፣ መርምሮ፣ ራውንድ ላይ አቅርቦ የመጣ ተማሪ ራሱን እንደ እጥረት ምስክር ብቻ ሲያቀርብ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አንድ ታማሚ አስቀመጥኩ፤ ቦታውን ያስገኘልኝም ይህ አንቀጽ ነው ብዬ አምናለሁ። የትኛውን ታማሚ እንደምመርጥ ግራ ገብቶኝ የውስጥ ደዌ ሲኒየራችንን ከራውንድ በኋላ ጠየቅኳት። እንደ ልማዷ በጥያቄ መለሰችልኝ፦ «አንቺ ልጅ፣ ከዋርድ ከወጣሽ በኋላ ማታ ላይ መጽሐፍ ያስገለጠሽ ታማሚ የትኛው ነው?» ወዲያው አንዲት ነፍሰ ጡር ትዝ አለችኝ።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ሴትየዋ ሃያዎቹ ውስጥ ያለች፣ እርግዝናዋ የገፋ ናት። ትንፋሽ አጥሯት፣ ጋደም ማለት አቅቷት መጣች። በግራ ጎኗ አስተኝቼ በስቴቶስኮፑ ደወል የልቧን ጫፍ ሳዳምጥ የመጀመሪያው የልብ ድምፅ ጠንክሮ ተሰማኝ፤ ከሁለተኛው ድምፅ ቀጥሎም ዝቅ ያለ የሚንኮራኮር ድምፅ ነበር። ሚትራል ስቴኖሲስ፣ ማለትም የሚትራል ቫልቭ መጥበብ፣ ብዬ ለሬዚደንቱ አቀረብኩ፤ ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ሲሠራላትም እሱው ሆነ፣ ከሩማቲክ የልብ ሕመም የመጣ። እርግዝና ይህን በሽታ ለምን እንደሚገልጠው በዚያው ሳምንት ገባኝ። በእርግዝና የደም መጠን ይጨምራል፣ ልብም በፍጥነት ይመታል። ቫልቩ የጠበበበት ልብ ደግሞ ደሙን ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው ለማሳለፍ ጊዜ ይፈልጋል። ልብ ሲፈጥን ይህ ጊዜ ያጥራል፤ ደሙ ወደ ኋላ ይጠራቀምና ሳንባ ውሃ ይቋጥራል። ዓመታት ሙሉ ምንም ሳይሰማት የኖረች ሴት በእርግዝናዋ ወራት ድንገት የምትታፈነው ለዚህ ነው። ኦክስጅን፣ ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒትና የልብ ምቱን የሚያዘገይ መድኃኒት ተሰጣትና ቀለላት። ቫልቩ በባሉን ይስፋ፣ መቼ ይስፋ፣ ወይስ እስክትወልድ በመድኃኒት ትቆይ የሚለው ውሳኔ ግን በሪፈር ወረቀት አዲስ አበባ ሄደ። ውሳኔው ሲሰጥ አላየሁም።

ይህ ሁሉ ደብዳቤው ላይ አልገባም። ደብዳቤው አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ አምስት መቶ ቃል ገደማ፤ ታማሚዋ ያገኘችው አራት ዓረፍተ ነገር ነው። እንዲህ የሚሉ፦ «በውስጥ ደዌ ልምምዴ ወቅት በእርግዝናዋ መገባደጃ በሳንባ ውሃ መቋጠር የመጣች ወጣት ሴት መርምሬያለሁ። የሚትራል ስቴኖሲስ ድምፅ አዳምጬ ለሬዚደንቱ አቀረብኩ፤ ኢኮውም አረጋገጠው። በመድኃኒት ስትሻሻል ተከታትያለሁ። ቫልቩ መቼና እንዴት እንደሚከፈት የሚወስኑት ሰዎች ያሉት ግን በሌላ ከተማ ነበር፤ ያንን ውይይት እስካሁን ሰምቼው አላውቅም።» ተመልከቱ፣ እኔ ያደረግኩት መመርመርና ማቅረብ ነው። መድኃኒቱን ያዘዝኩት እኔ አይደለሁም፣ አዘዝኩም አላልኩም። አንዳንድ ረቂቅ ላይ «አከምኩ»፣ «ሕይወቷን አዳንኩ» የሚል አያለሁ። ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ሰው ተማሪ ምን እንደሚፈቀድለት ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይህን ሲያነብ ወይ አጋንናለች ይላል፣ ወይ ያለ ተቆጣጣሪ ታማሚ ነክታለች ይላል። ሁለቱም አይበጅም።

የታማሚዋን ማንነት በሚመለከትም ጠንቃቃ ሁኑ። ስሟን ማንም አይጽፍም፤ ግን ቀበሌዋን፣ ብሔረሰቧን፣ የገባችበትን ወርና ትክክለኛ ዕድሜዋን ደርድሮ የሚጽፍ አለ። እነዚህ ሲደመሩ ሴትየዋን ያሳውቃሉ። «ወጣት ሴት»፣ «በእርግዝናዋ መገባደጃ» ይበቃል። የኢኮ ፎቶም ይሁን የካርድ ኮፒ አባሪ አታድርጉ።

አሁን ወደ ሦስተኛው አንቀጽ ልምጣ። «ለምን እኛን መረጥሽ?» የሚለው ነው፤ ከሁሉም በላይ ያሰብኩበትም እሱ ነው። ብዙ ጊዜ በዚህ ቦታ የሆስፒታሉ ድረ ገጽ ይገለበጣል፦ «በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ፣ ዘመናዊ መሣሪያ ያለው…»። እነሱ ይህን ስለ ራሳቸው ያውቁታል። ሌላው መንገድ ይበልጥ አሳሳች ነው፤ የእኔ ዓይነት ታማሚ የመረጠ ሰው በቀላሉ «የሩማቲክ የልብ ሕመም ሕክምናን ከእናንተ መማር እፈልጋለሁ» ብሎ ይጽፋል። ኮንሰልታንቱ ይህን ቢያነብ ፈገግ ይላል። እንግሊዝ ውስጥ የሩማቲክ ቫልቭ ዛሬ ብዙ አይታይም፤ የሚታየውም አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ አገር በመጡ ሰዎች ላይ ነው። የእነሱ ቫልቭ ክሊኒክ የሚሞላው በዕድሜ ብዛት የአኦርታ ቫልቫቸው በጠነከረና በጠበበ አዛውንቶች ነው። ልብ ሕመም ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች የሚታዩበት ክሊኒካቸውም በብዛት የሚያየው ከልብ ጉድለት ጋር ተወልደው በሕፃንነታቸው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሴቶች ነው። በሩማቲክ ሚትራል ስቴኖሲስ ድምፅ ከሆነ፣ ሐዋሳ ዋርድ ውስጥ ያለ የሲ-ዋን፣ ማለትም የአራተኛ ዓመት፣ ተማሪ ከእነሱ ተማሪ ይበልጥ ሰምቷል።

ታዲያ እዚያ ምን አለ? ይህን ለማወቅ ያደረግኩት ነገር ቀላል ነው፤ የክፍሉን ሳምንታዊ ፕሮግራም ፈለግኩ። የትኛው ቀን ክሊኒክ እንዳለ፣ የትኛው ቀን የኢኮ ክፍል እንደሚሠራ፣ የልብ ሐኪሙ፣ የልብ ቀዶ ሐኪሙና ኢኮ የሠራው ባለሙያ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በእያንዳንዱ ታማሚ ላይ የሚወስኑበት ስብሰባ መቼ እንደሆነ። እኔ ያላየሁት ያንን ስብሰባ ነበር። አንቀጹ ስለዚህ እንዲህ ሆነ፦ «የሩማቲክ ቫልቭ እናንተ ዘንድ ጥቂት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱን እኛ ጋ አያለሁ። ከእናንተ ማየት የምፈልገው ውሳኔው እንዴት እንደሚወሰን ነው። በኢኮ የተገኘው ልኬት፣ የታማሚው ስሜትና የራሱ ፍላጎት በሳምንታዊ የቫልቭ ስብሰባችሁ እንዴት እንደሚመዘኑ መከታተል እፈልጋለሁ። በቀሪዎቹ ቀናት ደግሞ ኢኮ ክፍል ተቀምጬ አንድ ቫልቭ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በምን ቅደም ተከተል እንደሚለካ ማየት እፈልጋለሁ።»

ልኬቱን በተመለከተ ትንሽ ልበል፤ ደብዳቤው ውስጥ ባይገባም በኋላ ጠቅሞኛል። ጤናማ ሚትራል ቫልቭ ሲከፈት ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 1.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን የከፋ ስቴኖሲስ ይባላል። ያንን ስፋት በአንድ መንገድ ብቻ ለክቶ መተማመን ግን አይቻልም። ቫልቩ ላይ ዞሮ በመክበብ ይለካል፣ የደሙ ግፊት ከሚወርድበት ፍጥነትም ይሰላል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ምክንያቱ ይፈለጋል። የልብ ምቱ ፈጣን ከሆነ ደግሞ በቫልቩ ላይ የሚለካው የግፊት ልዩነት ከፍ ይላል፤ ነፍሰ ጡር ላይ ቁጥሩን በጥንቃቄ የምናነበው ለዚህ ነው። «ኢኮ መማር እፈልጋለሁ» ከሚል ዓረፍተ ነገር ጀርባ እንዲህ ያለ የተወሰነ ነገር ከሌለ፣ ስትጠየቁ ወዲያው ባዶ ትሆናላችሁ።

ደብዳቤው ውስጥ ያስገባሁት ሌላ ነጥብ የመጣው ከሐዋሳ ዋርድ የዕለት ኑሮ ነው። እኛ ጋ ታማሚ ከሲዳማ ገጠር፣ ከወላይታ፣ ከምዕራብ አርሲ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ታሪክ የምንወስደው በአስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው ብዙውን ጊዜ የታማሚው ልጅ ወይም ወንድም ነው። ታማሚዋ ረጅም ታሪክ ትናገራለች፣ ወንድሟ «ያማታል ነው የምትለው» ብሎ ያሳጥረዋል። ከዚህ የተነሳ ጥያቄ ማሳጠር፣ ዓይንን ከታማሚዋ ላይ አለማንሳት፣ መልሱን መልሶ ማረጋገጥ ለምደናል። እንግሊዝ ሆስፒታሎች ውስጥ ደግሞ እንግሊዝኛ የማይችል ታማሚ ሲመጣ ቤተሰብ እንዲያስተረጉም አይበረታታም፤ የሠለጠነ አስተርጓሚ ይጠራል፣ በስልክም ቢሆን። እኔ የጻፍኩት ይህንን ነው፦ «በየቀኑ በቤተሰብ አስተርጓሚ ታሪክ እወስዳለሁ፣ ድክመቱንም አውቀዋለሁ። እናንተ ከሠለጠነ አስተርጓሚ ጋር እንዴት እንደምትሠሩ ማየት እፈልጋለሁ።» በኋላ በቪዲዮ ስንነጋገር ኮንሰልታንቱ በቅድሚያ ያነሳው ይህን ነበር። ስለ ቋንቋ ችሎታ ከሚጻፍ «እንግሊዝኛዬ በጣም ጥሩ ነው» ከሚል መስመር ይህ የበለጠ ይናገራል።

አሁን ደግሞ ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ፦ ደብዳቤው ሆስፒታሉ ጋ አይቀርም፤ ቪዛ ስታመለክቱ አባሪ ይሆናል። የእንግሊዝ የጎብኚ ቪዛ ደንብ የውጭ የሕክምና ተማሪ ኢሌክቲቭ እንዲወስድ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ያለ ክፍያ እንዲሆንና ታማሚ የማከም ሥራ እንዳይኖርበት ይጠይቃል። እና ደብዳቤያችሁ «በታማሚዎች ሕክምና ላይ በንቃት እሳተፋለሁ» ካለ፣ ኮንሰልታንቱን ደስ ለማሰኘት የጻፋችሁት መስመር ቪዛ መኮንኑ ፊት በራሳችሁ ላይ ይመሰክራል። እኔ «በታዛቢነት» የሚለውን ቃል በመጀመሪያው አንቀጽ ያስቀመጥኩት፣ በሦስተኛውም «ማየት»፣ «መከታተል» እያልኩ የሄድኩት ለዚህ ነው። ስለ ክብር አትጨነቁ፤ እዚያ ሄዳችሁ ኮንሰልታንቱ አጠገብ ቆማችሁ ማዳመጥ ትችሉ እንደሆነ እዚያው ከታማሚው ፈቃድ ጋር የሚወሰን ነው፣ በደብዳቤ አይጠየቅም። ሌላ አገር የምታመለክቱ ደግሞ የዚያን አገር ደንብ አንብቡ፤ ጀርመን፣ ለምሳሌ፣ ተማሪ እጁን አስገብቶ የሚሠራበት ልምምድ አለ፣ ግን ቋንቋውን ይጠይቃሉ።

«ስትመለሺ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚለው ላይ አጭር ሁኑ። «የአገሬን የጤና ሥርዓት እለውጣለሁ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አይታመንም፣ ባይዋሽም። እኔ የጻፍኩት አንዲት ነገር ነው፦ የልብ ቫልቭ ሕመም ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች ከእኛ ሪፈር ሲደረጉ ከወረቀቱ ጋር መሄድ ያለባቸውን ነገሮች፣ ማለትም የኢኮ ልኬት፣ የልብ ምት፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና የመጨረሻ የፔኒሲሊን መርፌ ቀን፣ በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ ለዲፓርትመንቱ ሴሚናር እንደማቀርብ። ይህን ከመጻፌ በፊት ሲኒየሯን አስፈቅጃለሁ፤ ስሟን ስለጠቀስኩ እንዲህ አላልኩም እንዳትል ብቻ ሳይሆን፣ ደብዳቤው ላይ የገባ ቃል ሆስፒታላችንን ጭምር ስለሚያስር።

ገልብጣችሁ አትላኩት ያልኩት ደግሞ በዚህ ምክንያት ነው። የላክሁት ደብዳቤ መልስ ሲመጣ ከኮንሰልታንቱ ጋር በቪዲዮ እንድንነጋገር ተጠየቅሁ። የዚያን ዕለት ሐዋሳ ኔትወርክ ይቆራረጥ ስለነበር ጓደኛዬ ቤት ሄጄ በሁለት ስልክ ተዘጋጀሁ፤ ደግነቱ አልተቋረጠም። ሰውየው ደብዳቤዬን ከፊቱ አድርጎ ያለ ርኅራኄ እየመዘዘ ጠየቀኝ። የፔኒሲሊን መርፌ ስለጠቀስኩ «በስንት ሳምንት ትሰጣላችሁ? ለምን በአራት ሳምንት አይሆንም?» አለኝ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንት እንደሚሰጥ፣ በአራተኛው ሳምንት ደም ውስጥ ያለው መጠን በብዙ ሰው እንደሚቀንስና በሽታው በሚበዛበት ቦታ ሦስት ሳምንቱ የሚመረጠው ለዚህ እንደሆነ መለስኩለት። ቀጥሎም «ታማሚዋ የልብ ምቷ ወጥነት ቢያጣ ኖሮ ለደም መርጋት ከአዳዲሶቹ መድኃኒቶች አንዱን ትሰጧት ነበር?» አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ትልቅ ጥናት የሩማቲክ ልብ ሕመምና እንዲህ ያለ የምት መዛባት ያለባቸው ሰዎች ላይ እንደ ዋርፋሪን ያሉት ከሪቫሮክሳባን እንደተሻሉ ነግሬው፣ ለነፍሰ ጡር ግን ዋርፋሪንም ለጽንሱ የራሱ ጣጣ ስላለው ወደ ሄፓሪን እንደሚታሰብ ጨመርኩ። ጥያቄዎቹ ሁሉ ደብዳቤው ውስጥ ከተጻፈ ነገር የመነጩ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ቃል ከማስገባታችሁ በፊት በዚያ ቃል ላይ አምስት ደቂቃ ማውራት እችላለሁ ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ካልቻላችሁ አውጡት። የሌላ ሰው ታማሚ ይዛችሁ እዚህ ብትቀርቡ ሁለተኛውን ጥያቄ አትሻገሩም።

ማን ጋ እንደሚላክም ይለያያል። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ከውጭ ተማሪ በቢሮው በኩል ብቻ ይቀበላል፣ አንዳንዱ መጀመሪያ የኮንሰልታንት ስምምነት አምጪ ይላል፣ ስምምነት ካለው ዩኒቨርሲቲ ውጭ ጭራሽ የማይቀበልም አለ። ይህን ድረ ገጹ ላይ ሳታዩ ለብዙ ሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል አትበትኑ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለት ሐኪሞች ያንኑ ደብዳቤ ቢቀበሉ ሻይ ሲጠጡ ይነጋገሩበታል። ክፍያ የሚጠይቁ ቦታዎችም ብዙ ናቸው፤ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በአንድ መስመር ጻፉ። ጊዜም ስጡት፤ ስድስት ወር ቀድሞ መጀመር አይበዛም። ከተቀበሏችሁ በኋላ የሚመጣው የጤና ቅጽ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትና ከክትባቱ በኋላ ደም ውስጥ ያለውን የመከላከያ መጠን ይጠይቃል። ክትባቱን ያልጀመረ ሰው ሦስቱን ዙር ለመጨረስ በመደበኛው ስድስት ወር ያስፈልገዋል። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ ደብዳቤ አሳምረው እዚህ ላይ ይቆማሉ።

የመጨረሻው የወረቀት ነገር ነው። የእኔ ደብዳቤ፣ የዲን ቢሮ ደብዳቤና የሆስፒታሉ የጥሪ ደብዳቤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ቀን መናገር አለባቸው። የዲን ቢሮው ጸሐፊ «ከሐምሌ 6 ጀምሮ» ብላ ጽፋ ነበር፤ በእነሱ አቆጣጠር ጁላይ 13 መሆኑን እዚያው ቁጭ ብለን አስተካክለን ማኅተም አስመታን። ስምም እንዲሁ ነው፦ ፓስፖርቴ ላይ የአያቴ ስም አለ፣ የሬጅስትራር ወረቀቱ ላይም እንዲኖር አድርጌያለሁ፣ ደብዳቤው ሥርም ሦስቱን ስም በፓስፖርቱ ፊደል አደራደር ፈርሜያለሁ። ፋይሉን በፒዲኤፍ፣ ስሜንና «ኢሌክቲቭ» የሚለውን ርዕስ አድርጌ ላክሁት። ዲን ቢሮ የምትሄዱ ሰዎች ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያዧ ስብሰባ ላይ ናት።